«አገርዎ ትፈልግዎታለች» ብቻውን መልስ አያመጣም

ሁለት መልእክት ላስነብባችሁ። ሁለቱም ለማሳያ እኔ ያቀናበርኳቸው ናቸው፤ ፋብሪካውም ተቀባይዋም በምናብ ያሉ ናቸው። ሕጉ፣ ስሌቱና ቦታው ግን እውነተኛ ናቸው።

ተቀባይዋ ደሴ ተወልዳ ያደገች፣ ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና የተማረች የ45 ዓመት ሴት ናት እንበል። የምትኖረው ሰሜን ጣሊያን፣ ካስቴል ጎፍሬዶ በምትባል ከተማ ነው። ካስቴል ጎፍሬዶ ትንሽ ብትሆንም የጣሊያን የካልሲና የስቶኪንግ ኢንዱስትሪ ማዕከል ናት። እዚያ በማቅለሚያ ክፍል ለብዙ ዓመታት ሠርታለች፤ የጣሊያን ዜግነትም ወስዳለች። አንድ ማታ በስልኳ ይህ ይደርሳታል፦

«ጤና ይስጥልኝ! አገርዎ ዕውቀትዎን ትፈልጋለች። ኮምቦልቻ ለሚገኝ ታዋቂ ፋብሪካ ልምድ ያለው ባለሙያ እንፈልጋለን። ደመወዙ ማራኪ ነው። ፍላጎት ካለዎት ሲቪዎን ይላኩልን።»

ታነባለች፣ ትንሽ ፈገግ ትላለች፣ ስልኩን ታስቀምጣለች። መልስ አትጽፍም። በሌላ ቀን ደግሞ ይህ ይመጣል፦

«ወይዘሮ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ኮምቦልቻ ላይ የናይለን ካልሲ የሚያመርት ፋብሪካን ወክዬ ነው። ክፍያዬን የማገኘው ከፋብሪካው ነው፤ ከእርስዎ የምጠይቀው ገንዘብ የለም። የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊነቱ ክፍት የሆነው የቀድሞው ኃላፊ ውላቸውን ጨርሰው ስለሄዱ ነው። ችግራችን ይህ ነው፦ ከጣሊያን የመጣው ሪሲፒ 98 ዲግሪ ይላል፤ የእኛ ክፍት ማሽኖች ከ94 አያልፉም። ጥቁሩና ጥቁር ሰማያዊው ሲታጠብ ይለቃል፤ ከአሥር ባች ሦስቱን ደግመን እንቀልማለን። ኃላፊዋ በቀጥታ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ተጠሪ ትሆናለች፤ የቀለምና የኬሚካል ግዥ ላይም ትፈርማለች። ደመወዙ ከግብር በፊት 150,000 ብር ነው። ከመወሰንዎ በፊት በእኛ ወጪ ለሁለት ሳምንት መጥተው ማሽኖቹን እንዲያዩ እንፈልጋለን። ባይሆንልዎ እንኳ ስለ ሙቀቱ አንድ ጥያቄ ብጠይቅዎ ይፈቅዱልኛል?»

ይህኛውን ሁለቴ ታነበዋለች። ምናልባትም ወደ ሥራ ከመግባቷ በፊት አንድ መስመር ትመልሳለች፦ «ማሽኖቹ ክዳናቸው ግፊት ይይዛል ወይስ አይዝም?»

ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታ የባለሙያ ጨዋታ ነው።

ስለ 94ቱ ዲግሪ ላብራራ፤ የመልእክቱ ልብ እሱ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ ስለሚሳሳ ውሃው ቀድሞ ይፈላል፤ በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ካስቴል ጎፍሬዶ የፖ ወንዝ ሜዳ ላይ ስለሆነች እዚያ ውሃ የሚፈላው 100 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ ውሃው 94 ላይ ይንተከተካል። ከዚያ በላይ እሳት ቢጨመርበት የሚጨምረው እንፋሎቱ እንጂ ሙቀቱ አይደለም። ደሴ ከዚያም ስለምትበልጥ እዚያ ወደ 92 ይወርዳል። የደሴ እናቶች ሽሮው ቆላ ካለው ይልቅ ለምን እንደሚዘገይ ከሳይንቲስት በፊት ያውቁታል።

ናይለን በአሲድ ቀለም ሲቀለም ቀለሙ ወደ ክሩ ውስጥ የሚገባው ክሩ በሙቀት ሲላላ ነው። አራት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፤ ለጠቆረ ቀለም ግን ወሳኝ ናት። ሙቀቱ ሲጎድል ቀለሙ ከውጭ በኩል ይቀራል፣ በመጀመሪያው እጥበት ይለቃል፣ ካልሲው ላይም መስመር መስመር ሆኖ ይታያል። ምልክቱን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ካልሲውን ከነጭ ጨርቅ ጋር ሞቅ ባለ የሳሙና ውሃ አጥቦ ነጩን ማየት ይበቃል። መፍትሔው ሦስት ነው፦ ግፊት የሚይዝ ዝግ ማሽን መግዛት፣ በ94 ዲግሪ የሚቆይበትን ጊዜ ማራዘም፣ ወይም በዝቅተኛ ሙቀት ቶሎ የሚገባ የቀለም ዓይነት መምረጥ። ሦስቱም ገንዘብ ናቸው። የትኛው ገንዘቡን እንደሚያተርፍ የሚያውቅ ሰው ነው የሚፈለገው፤ ይህ ደግሞ «ልምድ ያለው ባለሙያ» በሚለው ቃል ውስጥ አይታይም።

ውጭ አገር ያለ ባለሙያ የሚናፍቀው አገሩን ብቻ ነው ብለን ስለምናስብ መልእክታችንን በናፍቆት እንሞላዋለን። ናፍቆቱ አለ፤ እሱን ቀጣሪው አልፈጠረውም፣ ሊጨምረውም አይችልም። ቀጣሪው ብቻ ሊሰጥ የሚችለው ነገር ሌላ ነው፦ ለእሷ የሚመጥን ችግርና ችግሩን የምትፈታበት ሥልጣን። መልእክቱ ውስጥ «የቀለምና የኬሚካል ግዥ ላይ ትፈርማለች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለዚህ ነው የገባው። ቀለሙ በውጭ ምንዛሬ የሚገዛ ነው። ግዥው ሌላ ሰው እጅ ላይ ከሆነ ኃላፊዋ የመረጠችው ሳይሆን የረከሰው ይመጣል፤ ባቹ ሲበላሽ ግን የምትጠየቀው እሷ ናት። ከውጭ የተመለሱ ባለሙያዎች በዓመታቸው ሻንጣቸውን የሚያነሱት ብዙ ጊዜ ከደመወዝ ይልቅ በእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው የሚመስለኝ።

ኮምቦልቻን ለማያውቅ አንባቢ ቦታውን ላሳይ። ከደሴ ተነስቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያች አጭር ርቀት ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። የጦሳን ብርድና ጉም ከኋላ ጥሎ፣ ቦርከናን እየተከተለ፣ ሹራብ እየተወለቀ ነው የሚወረደው። አውሮፕላን ማረፊያው ኮምቦልቻ ነው፤ ደሴዎችም የሚሳፈሩት ከዚያው ነው። ከተማዋ በፋብሪካ የኖረች ናት፤ የጨርቃ ጨርቁ፣ የቢራው፣ የቆዳው ፋብሪካ ስማቸው ከከተማዋ ስም ጋር አብሮ ይነሳል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ የተመረቀው ሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ 75 ሄክታር ላይ ያረፈ ሲሆን ከጣሊያን፣ ከኮሪያና ከአሜሪካ የመጡ ኩባንያዎች ሼድ ይዘውበት ነበር። ወሎ ዩኒቨርሲቲም የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን ያደረገው እዚሁ ኮምቦልቻ ነው።

ከዚያ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቁ፤ የተመለሱት በኅዳር መጨረሻ ነው። በዚያ መካከል የደሴ ሆስፒታልና የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ ተጎዱ። ወር ሳይሞላ፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ ከቀረጥ ነጻ ወደ አሜሪካ ገበያ ከምትገባበት ከአጎዋ ታገደች። ለልብስና ጨርቅ ላኪዎች ሁለተኛ ዱላ ነበር።

በዚያው ሰሞን መንግሥት አንድ ሚሊዮን ዳያስፖራ ለ2014 ገና አገር ቤት እንዲገባ ጥሪ አቀረበ። ብዙ ሰው መጣ፤ ዘመድ ተጠየቀ፣ ገንዘብ ተዋጣ።  የቅጥር መልእክት የሚጽፍ ሰው ግን ከዚያ ጥሪ ቋንቋ እንዳይበደር እለምናለሁ። ያ ለሚሊዮን የተጻፈ ነው፤ ይህ ለአንዲት ሴት ነው። ያ ለሁለት ሳምንት እረፍት ነው፤ ይህ ሥራ ልቀቂ፣ ቤትሽን አከራዪ፣ ልጅሽን ከትምህርት ቤት አውጪ የሚል ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «ማራኪ ደመወዝ» የሚለውን ሐረግ ከቅጥር መልእክት የሚያጠፋ አዋጅ ቢወጣ ደስ ይለኝ ነበር። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የሚሠራበት የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከ14,000 ብር በላይ ባለው የወር ደመወዝ ላይ 35 በመቶ ይጥላል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ጠቅላላውን በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 መቀነስ። ለ150,000 ብር ግብሩ 50,450 ይሆናል። በዚያ ላይ ሠራተኛዋ ለጡረታ 7 በመቶ ታዋጣለች፤ ሙሉው መነሻ ደመወዝ ከሆነ 10,500 ብር ነው። እጇ የሚገባው 89,050 ብር ነው። «150,000 ትቀበያለሽ» የተባለች ሴት የመጀመሪያ ወር ደመወዟን ስትቆጥር እንደተታለለች ቢሰማት አይፈረድባትም። የተጣራው 150,000 እንዲሆን ከተፈለገ ውሉ ላይ የሚጻፈው ከ255,000 ብር በላይ መሆን አለበት። ልዩነቱን በመልእክቱ አለመጻፍ ሰውን ከባሕር ማዶ አስመጥቶ መጣላት ነው።

ከግብሩ የሚብሰው ምንዛሬው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ያኔ 150,000 ብር የተዋዋለ ሰው 2,600 ዶላር ገደማ የነበረው ደመወዙ ከ1,500 በታች ሲወርድ አየ፤ ከዚያም ወዲህ ብር መውረዱን አላቆመም። ጣሊያን የቤት ብድር ያለባት ሴት ይህን ሳታሰላ አትመጣም። ቅን ቀጣሪ «ደመወዙ በየስድስት ወሩ ከምንዛሬው ጋር ይታያል» የሚል አንቀጽ ያስገባል፤ የማያስገባም «አናስገባም» ብሎ በጊዜ ይናገር። እሷም የቤት ብድሯን በብር ደመወዝ እንደማትከፍለው አውቃ ትወስን።

ሌላው ብዙ የማይነገርለት ነገር የሙከራ ጊዜ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን እንዲሆን ይፈቅዳል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ፋብሪካ አሥር ሳምንት ማለት ነው። በእነዚህ ቀናት አሠሪው ሠራተኛዋ ለሥራው አልተስማማችም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ማሰናበት ይችላል። ደሴ ቤት ላለው ተቀጣሪ ይህ ቅር ቢያሰኝ ነው፤ ካስቴል ጎፍሬዶ ሥራዋን ለቃ ለመጣች ሴት ግን ገደል ነው። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ስምምነት ካልተደረገ የለም። ስለዚህ ቀጣሪው ሊተወው ይችላል፤ ካልተወው ደግሞ «በሙከራ ጊዜ ብናሰናብትዎ የመመለሻ ትኬትና የሦስት ወር ደመወዝ እንከፍላለን» ብሎ ሊዋዋል ይችላል። ሕጉ ሠራተኛዋን በሚጠቅም መንገድ መስማማትን አይከለክልም። ሁለተኛው መልእክት ውስጥ ያለው የሁለት ሳምንት ጉብኝትም የሙከራውን ሸክም ለማቃለል የታሰበ ነው፤ ሁለቱም ወገን የሚተያዩት ማንም ሥራውን ሳይለቅ ነው።

ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በኔዘርላንድስ መንግሥት ድጋፍ ባካሄደው ጊዜያዊ የባለሙያዎች ምለሳ ፕሮግራም ኔዘርላንድስ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለአጭር ጊዜ እየመጡ በተቋማት ሠርተው ተመልሰዋል። ጀርመን ደግሞ ተመላሽ ባለሙያ የአገር ቤት ደመወዙን ይዞ በላዩ ላይ ድጎማ የሚያገኝበትን መንገድ ለዓመታት ሞክራለች። ሁለቱም የተነሱት ከአንድ እውነት ነው፦ ሰው ሁሉ «መመለስ» የሚባለውን ነገር በአንድ ጀምበር አይወስንም። ቀጣሪውም የሚያዋጣው «ይመለሱ» ብሎ ሳይሆን «ይምጡና ይዩት» ብሎ ሲጀምር ነው።

ዜግነቷ ሌላ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ነገሩ ከሚፈራው ይቀላል። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዷ ስትወስድ ኢትዮጵያዊነቷ ቀርቷል። ነገር ግን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ሰፊ መብት ይሰጣታል። ቪዛ አያስፈልጋትም፣ የመኖሪያ ፈቃድ አያስፈልጋትም፣ የሥራ ፈቃድ አያስፈልጋትም። ከጡረታ ሽፋንም እንደ ሌላ የውጭ ዜጋ አትገለልም። የሚከለከሉት እንደ መከላከያ፣ ደኅንነትና ውጭ ጉዳይ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ ድምፅ መስጠትም የለም። ካልሲ መቅለም ግን የተፈቀደ ነው። የቅጥር ባለሙያው ይህን በሁለት መስመር ጽፎ ካርዱ አላት ወይስ የላትም ብሎ ቢጠይቃት የወራት ደብዳቤ ይቀንሳል።

ስለ ጸጥታ መጻፍ የማይፈልግ ቀጣሪ ብዙ ነው። «ሰላም ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በመንግሥትና በፋኖ ኃይሎች መካከል ግጭት ቆይቷል፤ ለአሥር ወር ያህል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነበር። ተቀባይዋ ይህን ታውቃለች፤ እናቷ ደሴ ናት፣ በየቀኑ ትደውላለች። ስለዚህ ሊነገራት የሚገባው አጠቃላይ ወሬ ሳይሆን የፋብሪካው አሠራር ነው፦ ሠራተኛ በምን ይመላለሳል፣ የማታ ፈረቃ አለ ወይ፣ መንገድ ሲዘጋ ደመወዝ ይከፈላል ወይ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ቤተሰብ በማን በኩል ይሰማል። ኢንሹራንሱም አለ። ብዙ የአውሮፓ የጉዞና የጤና መድኖች የአገራቸው ውጭ ጉዳይ «አትሂዱ» ባለበት ቦታ አይከፍሉም። ለዚያ አካባቢ የሚሠራ መድን ማን ይገዛል የሚለው ከመኪናና ከቤት አበል በፊት የሚነሳ ጥያቄ ነው።

«ይምጡና ይዩት» በሚለው ላይ የወሎ ታሪክ ራሱ አንድ ነገር ይጨምራል። መቅደላ ዛሬ በደቡብ ወሎ ውስጥ ነው። በ1860 ዓ.ም. ጦርነት ማግስት እንግሊዞች ከዚያ የወሰዱት ሕፃን ሕንድ አድጎ፣ ሕክምና ተምሮ፣ ከአድዋ ድል በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ናቸው። የመጡት በአንድ ጊዜ ጠቅልለው አይደለም፤ መጥተው ሠሩ፣ ተመልሰው ሄዱ፣ እንደገና መጡ። በኋላም ራሳቸው ጠሪ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1927 በጣና ግድብ ጉዳይ አሜሪካ በሄዱ ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋብዘዋል። የእኚህ ሰው ሕይወት ከብዙዎቻችን የ«ምለሳ» ንግግር የተሻለ መመሪያ ይመስለኛል፤ መምጣትና መሄድን እንደ ክህደት አላዩትም።

ስለ መልእክቱ ጸሐፊ ማንነት አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም መልእክት ሁሉ የቀጣሪ አይደለም። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ድርጅቶች ከሠራተኛ ክፍያ እንዳይቀበሉ በመርህ ደረጃ ይከለክላል፤ ክፍያው ከአሠሪው ነው። ስለዚህ «ለፕሮሰስ»፣ «ለመመዝገቢያ» ወይም «ለቢጫ ካርድ ማስፈጸሚያ» ብር የሚጠይቅ መልእክት የሥራ መልእክት አይደለም። የፋብሪካውን ስም እስከ መጨረሻው የማይናገር፣ የቪዲዮ ጥሪ የሚሸሽ፣ ከማሽኖቹ አንዱን እንኳ በስሙ የማይጠራም አጠራጣሪ ነው። እውነተኛ የማቅለሚያ ክፍል ያለው ሰው «ባቻችሁ ስንት ኪሎ ነው?» ሲባል ወዲያው ይመልሳል፤ ካላወቀም አንዱን ፎርማን ደውሎ ጠይቆ ይመልሳል።

ተቀባይዋም የበኩሏ ጥያቄ ይኑራት። ከሁሉ በፊት መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ትጠይቅ። ናይለን ሙቀቱ ላይ እያለ ማሽኑ ከቆመ ካልሲው አንድ ቦታ ይተኛል፣ መጨማደዱ ይያዝበታል፣ ቀለሙም ዥጉርጉር ይሆናል። ጄኔሬተሩ በስንት ደቂቃ እንደሚነሳ፣ ባለፈው ወር ስንት ባች በዚህ ምክንያት እንደተጣለ መዝገብ ካለ ይላኩላት። መዝገቡ ከሌለ ያም መልስ ነው፤ ሥራው መዝገብ ከመክፈት ይጀምራል ማለት ነው፣ ደመወዙም ጊዜውም በዚያ ልክ ይታሰብ። ሁለተኛ፣ የቀደመው ኃላፊ ለምን ሄደ? «ውሉ አለቀ» ከተባለች ከእሱ ጋር በስልክ እንድትነጋገር ትጠይቅ። የማይደብቅ ፋብሪካ ቁጥሩን ሰውየውን አስፈቅዶ ይሰጣታል።

እንግዲህ ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ የፋብሪካ ባለቤቶችና ኤችአሮች፦ ቀጣዩን መልእክት ከመላካችሁ በፊት ወደ ማቅለሚያው፣ ወደ ቦይለሩ ወይም ወደ ላቦራቶሪው ግቡና ፎርማኑን «ምን ያስቸግርሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን በራሱ ቃል ጻፉት። ከሥሩ የተጣራውን ደመወዝ፣ የሙከራ ጊዜውን ሁኔታና የጉብኝቱን ትኬት ማን እንደሚከፍል አክሉበት። እናንተ ውጭ ያላችሁም፣ እነዚህ ነገሮች ያሉበት መልእክት ከደረሳችሁ መልስ ስጡት፤ የማይሆናችሁ ቢሆን እንኳ ለምን እንዳልሆነ ጻፉለት። የሌሉበት ከሆነ ግን ውል በጽሑፍ እስኪፈረም የመልቀቂያ ደብዳቤ አታስገቡ።